ስክሪፕቱ ሁለቴ ሲሮጥ «ጎንደር፣ ጎንደር» እንዳይል

«ጋሼ፣ ጎንደር ውስጥ የአንድ አስጎብኚ ቢሮ ዌብሳይት የምይዘው እኔ ነኝ። የእንግዳ ማረፊያዎቹ አድራሻ ላይ "ፒያሳ" ብቻ ይል ስለነበር ከተማው ይጨመርበት ተባልኩ። በዚህ ኮማንድ ሁሉንም ገጽ ቀየርኩት፦

```
sed -i 's/ፒያሳ/ፒያሳ፣ ጎንደር/g' *.html
```

ኢንተርን እንደተጫንኩ መብራት ጠፋ። ሠርቶ ይሁን ሳይሠራ ስላላወቅኩ መብራት ሲመጣ ደገምኩት። አሁን ብዙው ገጽ "ፒያሳ፣ ጎንደር፣ ጎንደር" ይላል። በየሳምንቱ አዲስ ገጽ ስለሚመጣልኝ ወደፊትም ደጋግሜ ማስኬዴ አይቀርም። ጓደኛዬ "ሠርቷል የሚል ባዶ ፋይል አስቀምጪ፣ እሱ ካለ ስክሪፕቱ ይቁም" አለኝ። ይሻላል?»

እህቴ፣ መብራቱ ባይጠፋም ይህ ነገር አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም ነበር። ችግሩ ያለው ኮማንዱ ውስጥ ነው። የምትፈልጊው ቃል «ፒያሳ» ነው። በቦታው የምታስገቢው ደግሞ «ፒያሳ፣ ጎንደር» ነው። ያስገባሽው ውስጥ የምትፈልጊው ቃል እንዳለ ተቀምጧል። `sed` በሁለተኛው ዙር ሲመጣ ያየው «ፒያሳ» ትናንት የነካው ይሁን ያልነካው የሚለይበት ምንም ምልክት የለውም። ስለዚህ እንደገና ይጨምራል። ሦስት ጊዜ ብታስኬጂው ሦስት ጎንደር ታገኚ ነበር።

እኔም በዚሁ ተመትቻለሁ። የአንድ ደንበኛዬን ገጾች ከ `http` ወደ `https` ሳዛውር `s/http/https/g` ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አዲስ ገጾች ሲጨመሩ ያንኑ ኮማንድ ደገምኩት። የድሮዎቹ ሊንኮች በሙሉ `httpss` ሆኑና አንዱም አልከፍት አለ። አንድ ቀን ሙሉ ስልክ ሲደወልልኝ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የመቀየሪያ ኮማንድ ከማስኬዴ በፊት አንድ ነገር አያለሁ፦ የማስገባው ጽሑፍ ውስጥ የምፈልገው አለ ወይ? ካለ፣ ሁለተኛው ዙር ያበላሻል።

የጓደኛሽን ሐሳብ እኔ አልወደውም። ባዶው ፋይል የሚነግርሽ ስክሪፕቱ አንድ ጊዜ መነሳቱን ነው። ገጾቹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ አያውቅም። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ ይቀራል። የሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ገጽ ሲመጣ ደግሞ ስክሪፕቱ «ሠርቻለሁ» ብሎ ይቆማል፤ አዲሱ ገጽ ሳይነካ ይቀራል። ያንቺ ሥራ ደግሞ ደጋግሞ መሮጥ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ ደጋግሞ መሮጡ ምንም የማይጎዳው ስክሪፕት ነው። እኛ ሠፈር አይደምፖተንት የሚባለው ይኸው ነው፦ አንዴም አሥሬም ብታስኬጂው ውጤቱ አንድ ይሆናል።

መጀመሪያ የተበላሸውን እናስተካክል። ኮማንዱን ከማስኬድሽ በፊት የተቀመጠ ባክአፕ ካለሽ፣ ወይም የድሮዎቹ ገጾች ሰርቨሩ ላይ ካሉ፣ ከነሱ ጀምሪ። ከሁሉም ይሻላል። ከሌለሽ ግን የጨመርሽውን በሙሉ በዚህ ንቀይው፦

```
sed -E -i 's#ፒያሳ(፣ ጎንደር)+#ፒያሳ#g' *.html
```

ከቅንፉ ቀጥሎ ያለችው `+` «አንድም ይሁን አምስት» ማለት ነው። አንዳንዱ ገጽ አንድ ጎንደር፣ አንዳንዱ ሁለት ቢኖረው ልዩነት የለውም፤ ሁሉም ወደ «ፒያሳ» ይመለሳል። የምታጪው ነገር ቢኖር ሰው በእጁ «ፒያሳ፣ ጎንደር» ብሎ ጽፎ የነበረበትን ነው፤ እሱም አብሮ ይነቀላል። አድራሻው ላይ ያለው ተመልሶ ይገባል። በመግለጫ ጽሑፍ ውስጥ የነበረው ግን አይመለስም፤ እሱን በዓይንሽ እይ።

አሁን ወደ ዋናው። ከገጾችሽ አንዱን ክፈቺና የአድራሻውን መስመር እዪው። እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚሆነው፦

```
<td class="addr">ፒያሳ</td>
```

«ፒያሳ» በግራ በኩል `>` በቀኝ በኩል `<` አላት። በሁለቱ ምልክቶች ማጠር ነው፦

```
s#>ፒያሳ<#>ፒያሳ፣ ጎንደር<#g
```

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ገጹ ላይ `>ፒያሳ<` የሚባል ነገር የለም። «ፒያሳ» ቀጥሎ `<` ሳይሆን «፣» ሆኗል። ሁለተኛው ዙር የሚይዘው ነገር ያጣል። በሁለት ምልክት ብቻ ነገሩ አለቀ።

አጥሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ እንዲያውም ለእኛ ቋንቋ ይሄኛው ይበልጣል። አማርኛ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ይቀጥልበታል። «ከፒያሳ ተነስተው በእግር ወደ ፋሲል ግቢ» የሚል መግለጫ ካለሽ የድሮው ኮማንድ «ከፒያሳ፣ ጎንደር ተነስተው» አድርጎታል። «ፒያሳን» ደግሞ «ፒያሳ፣ ጎንደርን» ሆኗል። ከዚህ የባሰም አለ። ፒያሳ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ስም ነው፤ አዲስ አበባም ፒያሳ አላት። ቢሮሽ እዚያ ያለ ሆቴል ከመዘገበ፣ «ፒያሳ፣ አዲስ አበባ» የነበረው «ፒያሳ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ» ሆኖልሻል። ይህ ከመድገም ጋር አይገናኝም፤ በመጀመሪያው ዙር ነው የተሳሳተው። አጥሩ ግን እሱንም ይከላከላል፤ ምክንያቱም እዚያ «ፒያሳ» ቀጥሎ `<` የለም።

በዚህ ማቆም ይቻል ነበር። ግን አዲስ ገጽ የሚልክልሽ ሰው ከተማውን ራሱ ጨምሮ ሊልክ ይችላል። አንዱ «ፒያሳ, ጎንደር» ይላል፣ በእንግሊዝኛ ኮማ። ሌላው «ፒያሳ፣ ጐንደር» ይላል። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ እዪ፦ «ጎ» እና «ጐ» ለዓይን ይቀራረባሉ፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የከተማችንን ስም በሁለቱም የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ሕጉን «ጨምር» ከሚል ይልቅ «መጨረሻው እንዲህ ይሁን» በሚል እንጻፈው፦

```
s#>ፒያሳ((፣|,) *(ጎ|ጐ)ንደር)*<#>ፒያሳ፣ ጎንደር<#g
```

በቃላት ሲነበብ፦ ፒያሳን ፈልግ፤ ከኋላዋ በማንኛውም ኮማ የተቀጠለ ጎንደር ካለ፣ ባይኖርም፣ አሥር ቢሆንም፣ ጠቅልለህ ያዝ፤ በቦታው አንድ «ፒያሳ፣ ጎንደር» አስቀምጥ። ባዶው ይሞላል። የተደጋገመው አንድ ይሆናል። «ጐንደር» ወደ «ጎንደር» ይስተካከላል። ትክክለኛው ራሱን በራሱ ይተካል፤ ማለትም ምንም አይሆንም።

`(ጎ|ጐ)` ያልኩት በ `[ጎጐ]` ፈንታ መሆኑን ልብ በይ። አንድ የግዕዝ ፊደል በፋይሉ ውስጥ ሦስት ባይት ነው። የሰርቨሩ ሎኬል፣ ማለትም የቋንቋ ቅንብሩ፣ `C` ከሆነ፣ ካሬ ቅንፉ የሚይዘው አንድ ባይት ብቻ ይሆንና ሕጉ ዝም ብሎ አይሠራም። ስህተት የሚል መልእክት እንኳ አይወጣም። ክብ ቅንፉ በሁለቱም ይሠራል።

አንድ ነገር ቀረ። `sed -i` ምንም ባይቀይርም ፋይሉን እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ የፋይሉ ሰዓትም ይለወጣል። በሰዓት እያየ ወደ ሰርቨር የሚያወጣ ፕሮግራም ካለሽ ሁሉንም ገጽ እንደ አዲስ ይጭናል። በዚህ በኛ ኢንተርኔት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለይተን የተለወጠውን ብቻ እንተካ። ይህን `addr.sh` ብለሽ አስቀምጪው፤ ለሊኑክስ ነው፦

```bash
rule='s#>ፒያሳ((፣|,) *(ጎ|ጐ)ንደር)*<#>ፒያሳ፣ ጎንደር<#g'
for f in "$1"/*.html; do
  sed -E "$rule" "$f" > "$f.new" || exit 1
  if cmp -s "$f" "$f.new"; then
    rm "$f.new"
  else
    chmod --reference="$f" "$f.new"
    mv "$f.new" "$f"
    echo "ተቀየረ: $f"
  fi
done
```

አዲሱ ጽሑፍ መጀመሪያ ጎን ላይ ይጻፋል። `cmp` ከድሮው ጋር ያስተያየዋል። አንድ ከሆኑ አዲሱ ይጣላል፤ ከተለያዩ ቦታውን ይይዛል። ስክሪፕቱ መሃል ላይ ቢቋረጥ ዋናው ገጽ ወይ የድሮው ነው ወይ አዲሱ፤ ግማሽ የተጻፈው `.new` የሚለው ላይ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዙር ይጻፍበታል። ስሙ በ `.html` ስለማያልቅ ስክሪፕቱ እንደ ገጽ አያነሳውም። የሚቀጥለው ጊዜ መብራት ጠፍቶ ግራ ከገባሽ ዝም ብለሽ ድገሚው።

ሁለተኛው ዙር አንድም «ተቀየረ» ካላለ ጥሩ ምልክት ነው። ዋናው ፎልደር ላይ ከማስኬድሽ በፊት ግን በቅጂ ሞክሪው። ገጾቹ ያሉበት ፎልደር `site` ከሆነ፦

```bash
rm -rf t1 t2
cp -r site t1
bash addr.sh t1
cp -r t1 t2
bash addr.sh t2
diff -r t1 t2
```

`t1` አንዴ የሮጠበት ነው፤ `t2` ሁለቴ። `diff` ዝም ካለ ሁለቱ አንድ ናቸው። አንድ መስመር እንኳ ካወጣ ሕጉ ራሱን እየነካ ነውና የወጣውን መስመር አንብቢ፤ የቱ ጋ እንደደገመ እዚያው ይታያል። የመጀመሪያዋን `rm` አትዝለያት። `t2` ከበፊት ከነበረ `cp` ቅጂውን `t2` ውስጥ ሌላ ፎልደር አድርጎ ያስቀምጠውና ንጽጽሩ ይዛባል።

የ `diff` ዝምታ ግን ሕጉ ትክክለኛውን ቦታ መያዙን አይነግርሽም። ምንም የማይሠራ ስክሪፕትም ሁለቴ ሲሮጥ ውጤቱ አንድ ነው። ስለዚህ `diff -r site t1` ብለሽ ምን ምን እንደተቀየረ በዓይንሽ እለፊበት። ያመለጠውን ደግሞ በዚህ አውጪው፦

```
grep -n 'ፒያሳ' t1/*.html | grep -v '>ፒያሳ፣ ጎንደር<'
```

«ፒያሳ» ያለባቸውና ሕጉ ያልደረሰባቸው መስመሮች ይዘረዘራሉ። የአዲስ አበባዎቹና የመግለጫ ጽሑፎቹ እዚያ መኖራቸው ትክክል ነው፤ ተያቸው። `> ፒያሳ <` ብሎ ባዶ ቦታ የገባበት ወይም መስመሩ ከመሃል የተሰበረ አድራሻ ካየሽ ግን እሱ ነው ያመለጠው። ጥቂት ከሆኑ በእጅሽ አስተካክያቸው። ከበዙ በሕጉ የመፈለጊያ ክፍል ብቻ፣ ማለትም ከመሃለኛው `#` በፊት ባለው፣ ከ `>` ቀጥሎና ከ `<` በፊት ` *` ጨምሪና ባዶ ቦታውንም ይያዝ፤ የተሰበረውን መስመር ግን `sed` መስመር በመስመር ስለሚያነብ በዚህ አታገኚውም። እሱን በእጅ አንድ መስመር አድርጊው። ከዚያ የ `t1` እና የ `t2` ሙከራውን ከመጀመሪያው ድገሚ።