በግብር ዕዳ የታገደ ቤት መሸጥ

ጥያቄ፦ «ለቤቴ ገዢ አግኝቻለሁ፤ ግን በግብር ዕዳ ታግዷል። መክፈል የምችለው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ግብር ቢሮው እስከ ሽያጩ ቀን ያለውን ዕዳ ከነወለዱና ቅጣቱ በጽሑፍ ይስጥህ። ከዚያ የውሉን ረቂቅ አያይዘህ፣ ዕዳው ከሽያጩ ገንዘብ ሲከፈል እግዱ እንዲነሳ በማመልከቻ ጠይቅ። ቤቱ 900 ሺህ ቢሸጥና ዕዳው 200 ሺህ ቢሆን፣ ገዢው 200 ሺውን በቀጥታ ለቢሮው፣ 700 ሺውን ላንተ ይከፍላል። ቀድሞ የተመዘገበ የባንክ መያዣ ካለ ግን ብዙ ጊዜ ባንኩ ይቀድማል፤ እሱንም አትደብቅ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ደረሰኙን ይዞ ሲቀመጥ ነው። ደረሰኝ ብቻውን እግድ አያነሳም። የእግድ ማንሻ ደብዳቤው ንብረት ምዝገባ ደርሶ፣ እግዱ ከመዝገቡ መሰረዙን ራስህ አይተህ አረጋግጥ። ሽያጩ ከዘገየ ወለድ ስለሚጨምር የዕዳውን መጠን እንደገና አስላ።