ወገቤ ቀጭ አለ፤ ልተኛ ወይስ ልነሳ?

«ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። ጅማ ውስጥ ቡና መጋዘን ነው የምሠራው። ሰኞ ጠዋት ጆንያ ከመሬት ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ፤ ቀና ማለት አቃተኝ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እናቴ ወለል ላይ ተኛ፣ እንዳትነቃነቅ ትላለች። የሥራ ጓደኞቼ ወጌሻ ጋ እንውሰድህ ይላሉ። ምን ላድርግ? ራጅስ ልነሳ?»

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሽንትዎን እንደ ወትሮው እየሸኑ ነው? ሽንት አልመጣ ካለ ወይም ሳያስቡት ካመለጠ፣ በመቀመጫዎና በብልትዎ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግርዎ እየዛለ ከሄደ የቀረውን ማንበብ ይተዉት። ዛሬውኑ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከወገብ በታች ያሉት ነርቮች ተጨፍልቀው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም።

ይህ ከሌለ ዛሬ ይነሱ።

የቡና ጆንያ 60 ኪሎ አካባቢ ነው። ጎንበስ ብለው፣ ከሰውነትዎ አርቀው ይዘውት፣ ለጓደኛዎ ለማቀበል ዞር ሲሉ ክብደቱ ወገብዎ ላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ነው የሚያርፈው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጡንቻና ጅማት ነው። ከዚያ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ቦታውን ለመጠበቅ ጭምድድ ይላሉ። ቀና እንዳይሉ ያደረገዎት በአብዛኛው ይህ ጭምዳዴ ነው። ሕመሙ ጩኸታም ነው፤ ጉዳቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጩኸቱን ያህል አይደለም።

አንድ ሁለት ቀን ጋደም ማለት ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ግን ጡንቻው ይሰንፋል፣ ወገቡም ይደርቃል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ፍራሽ ሳነሳ ወገቤን ይዞኝ አምስት ቀን ሙሉ ተኛሁ። በስድስተኛው ቀን ሽንት ቤት የሄድኩት ግድግዳ ተደግፌ ነበር። እናትዎ ለእርስዎ አዝነው ነው፤ ግን ወለሉ ላይ መተኛትም የሚጨምረው ነገር የለም። በጀርባዎ ሲተኙ ከጉልበትዎ ስር የታጠፈ ጋቢ ያድርጉ፤ ይቀልዎታል።

ከአልጋ ሲነሱ ቀጥ ብለው አይነሱ። በጎን ይዙሩ፣ እግርዎን ወደ ታች ያውርዱ፣ በእጅዎ ገፍተው ቀና ይበሉ። ከዚያ ሜዳ መንገድ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በእግርዎ ይሂዱ። ረጅም መቀመጥ ከመራመድ ይብሳል። የጅማ በርጩማ ለዓይን ቢያምርም ዝቅተኛ ስለሆነ ለጊዜው ይቅርብዎ፤ ቡናውን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይጠጡ።

«ሲያመኝ ልቁም?» ብለው ማሰብዎ አይቀርም። ሕመሙ ምን ያህል እንደጨመረ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሄደም ይመልከቱ። ሲራመዱ ወገብዎ ትንሽ ቆርጥሞዎት ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ። ሕመሙ ከወገብ ወርዶ ከጉልበት አልፎ እግር ጣት ጋ መድረስ ከጀመረ ግን የሚራመዱበትን ጊዜ ያሳጥሩ፤ በዚያው ከቀጠለ ይታዩ። በተቃራኒው እግር ላይ የነበረው ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፣ ወገብዎ ቢያምም ጥሩ ምልክት ነው።

ለመራመድ እንዲያመችዎ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ፣ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት መውሰድ ይችላሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ ወይም ደም ግፊት ካለብዎ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም የሚሉ ብዙ ታካሚዎች አሉኝ፤ ኪኒኑን መዋጥ ለሚችል ሰው መርፌው ብልጫ የለውም። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርገው በጨርቅ ጠቅልለው ሩብ ሰዓት ቢይዙበትም ጭምዳዴውን ያላላል።

ወጌሻው በዘይት ቀስ ብሎ ቢያሽዎት አልከለክልም። ወገብ ላይ መቆም፣ እግር መጎተትና ጠምዝዞ ቀጭ ማድረግ ግን ይቅር፤ በተለይ እግርዎ ላይ የሚደነዝዝ ነገር ካለ። ራጅም አሁን አያስፈልግዎትም፤ የሚያሳየው አጥንት ነው፣ የተሳበ ጡንቻ አይታይበትም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የአከርካሪ ቲቢ በእኛ አገር አለና ቶሎ መመርመር አለብዎት። ስድስት ሳምንት አልፎም ካልተሻለዎት እንዲሁ ይታዩ።

አብዛኛው ሰው ግን ከዚያ በፊት ይሻለዋል። ግማሽ ሰዓት ተራምደው፣ ጎንበስ ብለው የጫማዎን ክር ማሰር ሲችሉ ወደ ሥራ ይመለሱ፤ መጀመሪያ ግን ለመመዘን፣ ለመስፋትና ለመጥረግ። ጆንያ የሚያነሱበት ቀን ሲመጣ ለሁለት ያንሱ፤ ደረትዎ ጋ አስጠግተው ይያዙት፣ ሲዞሩም በወገብ ሳይሆን በእግርዎ ይዙሩ። ከተቻለ ደግሞ ጆንያው ከመሬት ሳይሆን ወገብ ከፍታ ካለው ድርድር ላይ እንዲነሳ አለቃዎን ያነጋግሩ።