ደም ብዛት ወይስ ከፍተኛ ግፊት?

«መምህር፣ ነርስ ነኝ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና 40 ስላይድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱን በሽታ እዚህ ‹ደም ግፊት›፣ እዚያ ‹ደም ብዛት› ብዬዋለሁ። ጽሑፉም እየረዘመ ከሳጥኑ ይወጣብኛል። ምን ይሻላል?»

ችግሩ «ደም ግፊት» ሁለት ነገር መሸከሙ ነው። ደም የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ደም ግፊት ይባላል፤ ጤነኛም አለው። «ግፊት አለብኝ» የሚል ሰው ግን ስለ በሽታው ነው የሚያወራው። አንዱ ስላይድ «የደም ግፊት አለካክ»፣ ቀጣዩ «የደም ግፊት ሕክምና» ካለ ሠልጣኟ ትደናገራለች።

«ደም ብዛት» አጭር ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ለስላይድ ግን አልመርጠውም። ሰሚው የደም ማነስ ተቃራኒ ይመስለዋል፤ አንድ ሰው ግን ሁለቱም ሊኖርበት ይችላል። እኔ ብሆን ለሚለካው «የደም ግፊት»፣ ለበሽታው «ከፍተኛ ግፊት» እላለሁ። በመጀመሪያው ስላይድ ላይ «ከፍተኛ ግፊት (ደም ብዛት)፦ 140/90 እና ከዚያ በላይ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ «ደም ብዛት»ን በቃል ብቻ ይጠቀሙበት፤ ታካሚዎች የሚሉት እሱን ነውና ሠልጣኞቹ መስማት አለባቸው።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ፊደሉን ከማሳነስ በፊት ቃል ይቀንሱ። የእኛ ፊደል ሲያንስ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ጨ እና ጬ አይለዩም። ለምሳሌ ይህን እንይ፦

«የታካሚውን የደም ግፊት በእያንዳንዱ የክትትል ጉብኝት ወቅት መለካት ያስፈልጋል»

ዘጠኝ ቃል ነው። «ጉብኝት» የእንግሊዝኛው ጥላ ነው፤ እኛ ቀጠሮ ነው የምንለው። «በእያንዳንዱ» እና «ወቅት»ን «በየ» ብቻዋን ትተካቸዋለች። የሚለካው ታካሚው እንደሆነ የታወቀ ነው። «ያስፈልጋል»ም ከስላይድ ላይ ቢቀር አይጎድልም። የሚቀረው ይህ ነው፦

«በየቀጠሮው የደም ግፊት መለካት»

አራት ቃል ሆነ። «ይለኩ» ቢሉ ይበልጥ ያጥራል፤ ግን ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢዋ ለኪ ትሁን ተለኪ አይታወቅም። ስለዚህ በሁሉም ስላይድ «መለካት፣ መመዝገብ፣ መላክ» እያሉ አንዱን መልክ ይዘው ይሂዱ።

ሲጨርሱ ቃላቱ አንድ መሆናቸውን በኮምፒውተሩ መፈለጊያ ያጣሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። «ግፊት» ብለው ከፈለጉ «የግፊት» እና «ግፊትን» ይወጣሉ፤ «ግፊቱ» ግን አይወጣም፣ ት ወደ ቱ ተለውጣለችና። «ግፊ» ብለው ይፈልጉ። «መድኃኒት»ም እንደዚሁ ነው፤ «መድ» ብለው ከፈለጉ «መድሀኒት» እና «መድሐኒት» ብለው የጻፉትም አብሮ ይወጣል።