ሰባት ሰይፍ ሲወጣ ሌባው ማነው?

የታሮት ካርድ ማንበብ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ «ሰው ስለ መተማመን ጠይቆኝ ሰባት ሰይፍ ቢወጣ፣ ተታለሃል ብዬ ልንገረው ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ያን ዕለት «አይ» ብዬ አለፍኳት። መልሱ ግን ከዚያ ስለሚረዝም እነሆ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ለንደን ውስጥ፣ እዚችው ኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ ታሮት መዘርጋት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በዚህ በአንዱ ካርድ የሠራሁት ስህተት በቀሩት ሰባ ሰባቱ ከሠራሁት ይበልጣል።

መጀመሪያ ሥዕሉን እዩት። እኔ የምጠቀመው በ1909 እዚሁ ለንደን የታተመውን፣ አርተር ኤድዋርድ ዌይት ያሰበውንና ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችውን ነው፤ ብዙዎቻችሁም የገዛችሁት እሱን ነው። አንድ ሰው በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ከድንኳኖች ይርቃል። አምስት ሰይፍ ታቅፏል፤ የያዛቸው ግን በእጀታቸው ሳይሆን በስለታቸው በኩል ነው። አካሉ ወደፊት ይሄዳል፣ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሯል። ሁለት ሰይፎች መሬት ላይ እንደተተከሉ ቀርተዋል። በስተግራ፣ ከሩቅ፣ ትናንሽ ሰዎች ተሰብስበው ይታያሉ፤ እሱን ያዩት አይመስሉም፣ እርግጠኛ ግን መሆን አይቻልም።

አሁን ደግሞ ሥዕሉ ያልነገራችሁን ቁጠሩ። ሰይፎቹ የማን ናቸው? ሰውየው የሰው ንብረት እየሰረቀ ነው ወይስ የተወሰደበትን እያስመለሰ? ሥዕሉ አይልም። ዌይት ራሱ በመጽሐፉ ለዚህ ካርድ ከሰጣቸው ትርጉሞች መካከል ሌብነት የለም። እቅድ፣ ሙከራ፣ ምኞት፣ ተስፋ፣ ጭቅጭቅ፣ ሊከሽፍ የሚችል ውጥን ይላል፤ ትርጉሞቹም እርስ በርስ እንደሚራራቁ ሳይደብቅ ያምናል። ሰይፍ በታሮት የሐሳብና የቃል ምልክት ስለሆነ፣ እኔ ከካርዱ ደፍሬ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚህ ግንኙነት ውስጥ ሳይነገር በጓሮ የሚወጣ ነገር አለ። ማን ተሸክሞት እንደሚሄድ ካርዱ አይናገርም። ጠያቂው ራሱም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ብዙ ጀማሪ አንባቢ ይረሳዋል።

«ተታለሃል» ብሎ የሚቸኩል አንባቢ ቤት እንደሚያፈርስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔን የበለጠ ያቃጠለኝ ግን ተቃራኒው ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ስለሚጥለው እቁብ ሊጠይቀኝ መጣ። ሰብሳቢውን አላመነም። ሰባት ሰይፍ ወጣ፣ አጠገቡም ጨረቃ። ያን ጊዜ በመጻሕፍት ሰክሬ ስለነበር «ጨረቃ የፍርሃት ካርድ ናት፤ አንተን የሚያስጨንቅህ የልጅነት ቁስልህ ነው» አልኩትና ስለ አባቱ አንድ ሰዓት አወራን። አልቅሶ፣ ቀልሎት ሄደ። ከሦስት ወር በኋላ ሰብሳቢው ገንዘቡን ይዞ ተሰወረ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያ ሰው ገና ሲገባ የነገረኝ ነገር ነው፦ ዕጣ የወጣለት ሰው የሚከፈልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቷል፣ ደብተሩን ልይ ሲልም ሁለቱንም ጊዜ «ቤት ረስቼዋለሁ» ተብሏል። ይህን በጆሮዬ ሰምቼ ስለ አባቱ ጠየቅኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለ መተማመን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ካርዱን ሳልነካ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀርባለሁ። ወረቀቱን ከመሃል አጥፎ በግራ በኩል ያየውንና የሰማውን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከዚያ ተነስቶ የደመደመውን እንዲጽፍ ነው። በግራ የሚገባው ሌላ ሰው ቢመጣ ራሱ ሊያየው የሚችለው ነው፦ ቀን፣ መጠን፣ የተባለው ቃል እንዳለ። ቀላል ይመስላል። አንዲት ልጅ ላይ የሆነውን ልንገራችሁና ለምን ቀላል እንዳልሆነ ታያላችሁ። (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ለውጫለሁ።)

ልትጋባ ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ከእጮኛዋ ጋር ለሠርጉ በጋራ ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበር። «እትዬ፣ ሌላ ሴት አለችው ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ። ወረቀቱን ሰጠኋት። በግራ በኩል አራት ነገር ጻፈች፦ ከጋራ ሒሳባቸው በሁለት ተከታታይ ወራት 350፣ 350 ፓውንድ ወጥቷል፤ ስልክ ሲደወልለት ደረጃው ላይ ወጥቶ ያወራል፤ ስትጠይቀው «የሥራ ነው» ብሏታል፤ ድምፁ ቀዝቅዟል። በቀኝ፦ ሴት አለችው፤ ሊተወኝ ነው፤ እንደ ፊተኛው ነው።

«ድምፁ ቀዝቅዟል» የሚለው ላይ ጣቴን አድርጌ «በቀዘቀዘ ድምፅ ምን አለሽ?» አልኳት። አሰበች። «ደህና እደሪ ነው ያለኝ» አለች። ራሷ ሰረዘችውና ወደ ቀኝ ወሰደችው። ሦስቱ ግን ከግራ አልተነቃነቁም። ያቺ የመጨረሻዋ የቀኝ መስመር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበራት፤ ከዚህ በፊት የነበራት ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽቷታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ግን ልጥ መስሎ የሚተኛ እባብም አለ፤ ስለዚህ ተረቱን ይዤ «ያንቺ ፍርሃት ነው» ልላት አልፈለግኩም። አንዴ ብዬ አይቼዋለሁ።

ጥያቄዋንም ለወጥነው። «ሴት አለችው ወይ» ብላችሁ ካርድ ብትዘረጉ የሚወጣው ሁሉ ሴት ይሆናል። ሦስት ካርድ ብቻ ዘረጋሁ፤ አንደኛው ለማውቀው፣ ሁለተኛው ለምፈራው፣ ሦስተኛው ለምጠይቀው። በመጀመሪያው ቦታ ስድስት ዲናር ወጣ፤ ሚዛን የያዘ ሰው ለተንበረከኩት ሳንቲም ሲሰጥ የሚታይበት። በሁለተኛው ሰባት ሰይፍ። በሦስተኛው የሰይፍ ንግሥት፣ ሰይፏን ቀጥ አድርጋ ይዛ ሌላውን እጇን የዘረጋችው።

ልጅቷ ሰባት ሰይፍን ስታይ «ይኸው!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው።

«የወደቀው የፍርሃትሽ ቦታ ላይ ነው» አልኳት። «ስለዚህ ምንም የለም ማለቴ አይደለም። እስኪ ሥዕሉን እይውና ንገሪኝ፣ ይሄ በእግሩ ጣት የሚሄደው ሰው ማንን ይመስልሻል?»

«እሱን ነዋ» ብላ ጀመረችና ዝም አለች። ሻይዋን አማሰለች። ቆይታ፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ እሱ ሲተኛ በባዶ እግሯ ተነስታ ስልኩን መታጠቢያ ቤት ወስዳ እንደበረበረች ነገረችኝ።

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም። አጥፍቶታል ማለት ነው።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ፍርሃትን ከእውነተኛ ማታለል የመለያው ምልክት ይሄ ነው። ፍርሃት ማስረጃ ቢያገኝም ባያገኝም የሚደርስበት አንድ ቦታ ነው። መልእክት ቢገኝ ያታልላል፣ ባይገኝ አጥፍቶታል፤ ቢያመሽ እሷ ጋ ነው፣ በጊዜ ቢገባ ተጸጽቶ ነው። እውነተኛ ማታለል ግን እንዲህ እንደ ጭስ ክፍሉን ሁሉ አይሞላም። የተወሰነ ቦታ አለው፣ ቀን አለው፣ መጠን አለው፣ ታሪኩም ሲደጋገም ይለዋወጣል። እሷ ደህና እንቅልፍ ተኝታ በማግስቱ ብትነሳም ሁለቱ 350 ፓውንዶች ከሒሳቡ እንደወጡ ናቸው። «ደህና እደሪ» ግን ጠዋት ሲታሰብ ደህና እደሪ ብቻ ነው።

ስድስት ዲናርን በተመለከተ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። «ለተቸገረ ሰው እየሰጠ ነው» ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብለው ኖሮ በኋላ እንደ ነቢይ እቆጠር ነበር። ግን ካልኩት በኋላ እሷ የምታጣራው ነገር አይኖራትም፤ የእኔን ቃል ይዛ ትሄዳለች፣ ቃሌ ልክ ካልሆነም እንደ እቁቡ ሰውዬ ትጎዳለች። «ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ይህን አንቺም ጽፈሽዋል» ብዬ አቆምኩ።

ስለ ጎረቤት ካርዶች መጻሕፍቱ ብዙ ይላሉ። ሰባት ሰይፍ ከጨረቃ፣ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ከሸፈነው ከዘጠኝ ሰይፍ፣ ወይም ዓይኗ ታስሮ በሰይፎች መሃል ከቆመችው ከስምንት ሰይፍ ጋር ቢወጣ ፍርሃት ነው ይባላል። ስለ ጠያቂው ሁኔታ ከሆነ እቀበላለሁ። ነገር ግን በእውነት የተታለለ ሰውም እንቅልፍ ያጣል። እነዚህ ካርዶች ጠያቂው እንደሚጨነቅ ይነግሯችኋል እንጂ የተጠረጠረውን ሰው ነጻ አያወጡትም። ሰባት ሰይፍ ተገልብጦ ሲወጣ ደግሞ ብዙዎች «ሊናዘዝ ነው» ይላሉ፤ ዌይት ግን መልካም ምክር ብሎ ጀምሮ ስም ማጥፋትንም ይጨምርበታል፤ በዚህ ብቻ ሰው አትፍረዱ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። መሬት ላይ የቀሩትን ሁለት ሰይፎች አሳየኋት። ሰውየው ሁሉንም መውሰድ አልቻለም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «አሁንም በእጅሽ ያለው ምንድነው?» ብዬ እጠይቅበታለሁ። በእጇ ያለው የባንክ መግለጫውና ገና ያልጠየቀችው ጥያቄ ነበር። ጥያቄውን አብረን ጻፍነው፦ «ባለፉት ሁለት ወራት ከጋራችን 350፣ 350 ፓውንድ ወጥቷል። ለምን እንደወጣ ንገረኝ።» ሴት የሚል ቃል የለበትም፣ «ድሮም» የሚል የለበትም። የስልኩን ነገር ግን አስቀድማ እንድትነግረው መከርኳት። ደስ አላላትም። ያልተነገረ ነገር ተሸክማ ሌላው የተሸከመውን አውርድ ማለት እንደማይሆን ግን ገባት።

በስሟ የተፈረመ ብድር ቢኖር ወይም ሰውየውን ለአካሏ የምትፈራው ቢሆን ኖሮ ካርዱን ጭራሽ አልዘረጋም ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ወደ ባንክና ወደ ሕግ አዋቂ፣ ካስፈለገም ወደ ፖሊስ ነው የሚሄደው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ዱባይ ያለ ታናሽ ወንድሙ ሥራ አጥቶ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ደረጃው ላይ የሚያወራው ከእሱ ጋር ነው፣ ገንዘቡም የሄደው ለእሱ ነው። የሠርጉን ገንዘብ ነካሁት ለማለት አፍሮ «የሥራ ነው» አላት። ሴት የለችም፤ ውሸቱ ግን ነበር። ሰባት ሰይፍ ውሸት የለም አላለም፣ እሷ የፈራችው ነው ብሎም አላረጋገጠም። ይህን ውሸት ትለፈው ወይስ አትለፈው የሚለው የእሷ ውሳኔ ስለሆነ አልገባሁበትም።

ልትሄድ ስትነሳ በሩ ላይ ቆም አለች። «እትዬ፣ አንዴ ብቻ ዘርጊልኝ። የነገረኝ እውነት መሆኑን።»

ካርዶቹን በጨርቃቸው ጠቅልያቸው ነበር። «የተላከበት ደረሰኝ ይኖረዋል» አልኳት፤ «እሱን እንዲያሳይሽ ጠይቂው።»