ቴሲሳችሁ 94 ፐርሰንት ቢወጣ መጀመሪያ አንደኛውን ሶርስ እዩ

ልጆች፣ የዲፌንስ ሰሞን በደረሰ ቁጥር እዚህ ጅማ ውስጥ ስልኬ ማረፊያ ያጣል። የሚደውለው ልጅ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። "ጋሼ፣ እንቅልፍ አጥቼ ራሴ የጻፍኩት ቴሲስ ዘጠና ምናምን ፐርሰንት ኮፒ ነው ተባለ!" እኔም ብዙ ዓመት ተመራቂ ሳማክር የኖርኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አስመርምረሽው ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ዝምታ ይመጣል። ከዚያ "አዎ፣ ግቢው በር አጠገብ አንድ ልጅ አለ፣ በብር ቼክ ያደርጋል" ይሉኛል።

በቃ፣ ነገሩ እዚያ ነው ያለው።

ተርኒቲን ማለት ጽሑፋችሁ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚመረምር ሲስተም ነው። እዚያ ላይ አስተማሪ ለተማሪዎቹ የማስገቢያ ቦታ፣ ማለትም አሳይመንት ሲከፍት፣ የገባው ወረቀት የት ይቀመጥ የሚል ምርጫ አለ። Standard paper repository የሚለው ከተመረጠ ወረቀታችሁ ተመርምሮ ብቻ አይመለስም፣ ቅጂው እዚያው ጎተራ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የትም አገር የሚገባ ወረቀት ከእሱ ጋር ይመሳከራል፣ የእናንተው ሁለተኛ ቅጂም ጭምር። No repository ከተባለ ግን ይመረመራል፣ አይቀመጥም። ማሽኑ የሚያወዳድረው ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር ነው። ሽፋኑ ላይ ያንቺ ስም ስለተጻፈ "ይሄማ የሷ ነው" ብሎ አያልፍም። የፋይሉን ስም ወይም ርዕሱን መቀየርም ዋጋ የለውም።

ልጆችን ግራ የሚያጋባው ጓደኛቸው ደጋግሞ አስገብቶ ምንም አለመሆኑ ነው። ልዩነቱ እሱ በራሱ አካውንት፣ እዚያው አሳይመንት ላይ መልሶ ማስገባቱ ነው። እንደዚያ ሲሆን አዲሱ የድሮውን ይተካዋል፣ ሲስተሙም ከራሱ ድራፍት ጋር አያጋጨውም። አስተማሪው መልሶ ማስገባት መፍቀድ አለበት፣ ያ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ያዙ፦ በተለመደው አሠራር ከሦስተኛው ድጋሚ ማስገባት በኋላ ሪፖርቱ 24 ሰዓት ያስጠብቃል። ነገ ጠዋት የሚያስረክብ ሰው ዛሬ ማታ ለአምስተኛ ጊዜ ባያስገባ ይሻለዋል። አሳይመንቱ ሌላ ከሆነ፣ ወይም አካውንቱ የሌላ ሰው ከሆነ ግን የመጀመሪያው ቅጂ እንደ ባዕድ ወረቀት ይቆጠራል።

የአንዷን ልጅ ልንገራችሁ። ጥናቷ በጎማ ወረዳ ቡና አምራቾች ላይ ነው። ድራፍቷን በብር የሚመረምር ቤት ወሰደችው፣ 21 ፐርሰንት ወጣ። ደህና ነው። ተቀምጣ የተመሳሰለባትን አስተካከለች፣ በተለይ የስነ ጽሑፍ ዳሰሳውን ክፍል አንዳንድ አንቀጽ እንደ አዲስ ጻፈችው፣ ከዚያ በወጉ በአማካሪዋ በኩል አስገባች። 94 ፐርሰንት! ኮሚቴው ውስጥ "ይሄ ልጅ የሰው ቴሲስ ገልብጣለች" ያለም አልጠፋም።

ሪፖርቱን ከፍተን አየነው። አንደኛው ሶርስ፣ ማለትም ከእሱ ጋር ተመሳስሏል ተብሎ መጀመሪያ የተዘረዘረው ምንጭ፣ ብቻውን 93 ፐርሰንት ይዟል። ዓይነቱ Student Paper ይላል፣ ስሙ ደግሞ Submitted to ብሎ ባሕር ማዶ ያለ፣ እሷ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀው ኮሌጅ ይጠራል። ቤቱ የሚጠቀመው ከየት እንዳገኘው የማይታወቅ የሌላ ተቋም አካውንት ነበር ማለት ነው። ቀኑን ስናየው እሷ ብር ከከፈለችበት ቀን ጋር አንድ ነው። እኔን የበለጠ ያሳመነኝ ግን ሪፖርቱ ተመሳሳይ ነው ብሎ ቀለም ያልቀባው 6 ፐርሰንት ነው። ያ ክፍል ከምርመራው በኋላ እንደ አዲስ የጻፈቻቸው አንቀጾች ሆነው ተገኙ። ከሰው የገለበጠ ተማሪ ላይ እንዲህ አይገጥምም።

አሁን ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ አስተማሪዎችም ይሳሳታሉ። 94 ላይ 93 ሲቀነስ የቀረው 1 ነው፣ እንግዲህ ንጹህ ናት ማለት አይቻልም። የሪፖርቱ ዋና ዝርዝር አንድን ዓረፍተ ነገር የሚሰጠው በደንብ ለገጠመው አንድ ሶርስ ነው። ሙሉ ቅጂዋ ጎተራው ውስጥ ስላለ ሁሉንም ጠቅልሎ ወሰደው፣ ከመጽሔትና ከድረ ገጽ የመጡት እውነተኛ መመሳሰሎች ከሥሩ ተደበቁ። አማካሪዋ ያንን አንድ ሶርስ ከሪፖርቱ እንዲወጣ ሲያደርግ ቁጥሩ እንደገና ተሰላና 14 ሆነ። እውነተኛው ቁጥሯ እሱ ነው። እሱንም ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ የለም፣ አንድ በአንድ ይታያል፦ ምንጭ ተጠቅሶበታል ወይስ አልተጠቀሰም፣ የተለመደ የዘዴ አገላለጽ ነው ወይስ የሰው ሐሳብ።

ሶርስ የማውጣት ሥልጣን የአስተማሪው ነው፣ የተማሪ አይደለም። ስለዚህ የናንተ ድርሻ ማስረጃ ማቅረብ ነው። የመጀመሪያውን ሪፖርት ፒዲኤፍ አትጣሉ፣ ቀኑና Submission ID የሚባለው ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ሁለተኛውን ከማስገባታችሁ በፊት ለአማካሪያችሁ አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ "ይህ ጽሑፍ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ተመርምሯል፣ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ከራሱ ጋር ሊመሳሰል ይችላል።" ቀድሞ የተነገረ ነገርና 94 ከወጣ በኋላ የሚነገር ነገር ኮሚቴ ፊት አንድ አይደሉም።

ቁጥሩን ለማውረድ ብላችሁ ግን ጽሑፋችሁን አታበላሹት። ደንግጠው ሙሉ ቴሲሱን በተመሳሳይ ቃላት እየተኩ አንብበው የማይገባ ነገር ያደረጉ ልጆች አይቻለሁ። የባሰው ደግሞ ፊደሉን መልኩ በሚመስል የሌላ ቋንቋ ፊደል የሚተካ፣ ወይም በነጭ ቀለም ጽሑፍ የሚደብቅ አለ። ተርኒቲን ይሄንን ለይቶ ለአስተማሪው ምልክት ያደርጋል። ራሳችሁ በጻፋችሁት ጽሑፍ ንጹህ የነበራችሁት ልጆች ያን ጊዜ በገዛ እጃችሁ ጥፋተኛ ትሆናላችሁ።

"ከጎተራው ይሰረዝልኝ" ማለትም ይቻላል፣ ግን እንደምታስቡት ቀላል አይደለም። አስተማሪው ከራሱ ዝርዝር ላይ ቢያጠፋው ቅጂው አብሮ አይጠፋም። ወረቀቱ የገባበት ተቋም የተርኒቲን አስተዳዳሪ ጥያቄውን ማቅረብ አለበት። በራሳችን ግቢ አካውንት የገባ ከሆነ የሚያናግሩት ሰው ይገኛል። በዚያ በማይታወቀው ኮሌጅ የገባ ከሆነ ግን የማን በር ታንኳኳላችሁ? ለዚህ ነው ድራፍት በብር አታስመርምሩ የምለው። ርካሽ ይመስላል፣ ግን ወረቀታችሁ በማን ስም፣ የት እንደተቀመጠ አታውቁም።

በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ ለድራፍትና ለመጨረሻ ቅጂ ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ኮርስ አስረክቦ "ጋሼ፣ የራሴው እኮ ነው" የሚለኝን አልረዳውም፣ እዚያ ላይ ሪፖርቱ ትክክል ነው። ፕሮፖዛል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ወደ ቴሲሱ መግባታቸው የሚጠበቅ ነው፣ ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁ ተቀምጦ ከሆነ ግማሹ ወረቀት ቢቀላ አትደንግጡ፣ አማካሪያችሁ ያንን ሶርስ እንዲያወጣ ጠይቁ።

አሁን ድራፍት በእጃችሁ ያለ ልጆች፣ ነገ አማካሪያችሁ ቢሮ ስትሄዱ ለድራፍት የተለየ አሳይመንት No repository አድርጎ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁት። ለእሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እዚያ የፈለጋችሁትን ያህል አርሙ፣ የመጨረሻውን ደግሞ በዋናው በኩል አንድ ጊዜ አስገቡ።