ድምሩም ፕሮቲኑም ልክ ነው፤ ታዲያ ቅልቅሉ ለምን ተሳሳተ?

«ሱሉልታ ላይ አምስት የወተት ላሞች አሉኝ። መኖ የምቀላቅለው ከበቆሎ፣ ከስንዴ ፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ነው። በመቶ ኪሎው ውስጥ 17 ኪሎ ፕሮቲንና 9 ኪሎ አሰር እንዲኖር ተመክሬአለሁ። በቆሎው 9 በመቶ ፕሮቲንና 2 በመቶ አሰር አለው፤ ፉርሽካው 16 እና 10፣ ፋጉሎው 31 እና 20። እኔ ሠርቼ በቆሎ 20፣ ፉርሽካ 64፣ ፋጉሎ 16 ኪሎ አገኘሁ። አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ደግሞ 50፣ 20 እና 30 አለች። ሁለታችንም በማስወገድ ዘዴ ነው የሠራነው። የሁለታችንም ድምር መቶ፣ የሁለታችንም ፕሮቲን 17 ይመጣል። የማንን ልቀላቅል?»

የልጅዎን ይቀላቅሉ። እርስዎ ድምሩንና ፕሮቲኑን አመሳክረው አሰሩን ትተውታል፤ ስህተቱ የተደበቀውም እዚያው ነው። ሃያ ኪሎ በቆሎ 0.4 ኪሎ አሰር ይሰጣል፣ 64 ኪሎ ፉርሽካ 6.4፣ 16 ኪሎ ፋጉሎ 3.2። ሲደመር 10 ኪሎ ነው እንጂ 9 አይደለም። የልጅዎን ብንሞክር 50 ኪሎ በቆሎ 1፣ 20 ኪሎ ፉርሽካ 2፣ 30 ኪሎ ፋጉሎ 6 ኪሎ ይሰጣሉ፤ ድምሩ 9።

ወረቀትዎን አላየሁትም፤ ነገር ግን የት ላይ እንደተሳሳቱ መናገር እችላለሁ። ለዚያ ሥራውን ከመጀመሪያው አብረን እንየው። በቆሎውን x፣ ፉርሽካውን y፣ ፋጉሎውን z እንበል። የነጥብ ቁጥር እንዳያስቸግረን ፕሮቲኑንና አሰሩን በመቶ አባዝተን እንጻፍ።

```
(1)   x +   y +   z =  100
(2)  9x + 16y + 31z = 1700
(3)  2x + 10y + 20z =  900
```

የመጀመሪያው እኩልታ ክብደቱ፣ ሁለተኛው ፕሮቲኑ፣ ሦስተኛው አሰሩ ነው። ከሦስቱ ያልታወቁ ነገሮች አንዱን መርጠን እናስወግዳለን። እኔ በቆሎውን እመርጣለሁ፤ (1) ላይ ብቻውን ስለቆመ ክፍልፋይ ውስጥ አያስገባኝም። (1)ን በ9 አባዝቼ ከ(2) እቀንሳለሁ፤ (1)ን በ2 አባዝቼ ከ(3) እቀንሳለሁ።

```
(2) − 9×(1):   7y + 22z = 800   (4)
(3) − 2×(1):   8y + 18z = 700   (5)
```

ሁለቱም ጊዜ የተወገደው ያው በቆሎው መሆኑን ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው አንዴ በቆሎውን፣ አንዴ ፉርሽካውን ያስወግድና አንዱ እኩልታ y እና z፣ ሌላው x እና z ይዞ ይቀርበታል። ሁለት እኩልታ ላይ አሁንም ሦስት ያልታወቀ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወረቀት ሞልቶ አንድ እርምጃ አልተራመደም።

(5)ን ለሁለት ብናካፍለው 4y + 9z = 350 ይሆናል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን እጅ አይስትም። አሁን ፉርሽካውን እናስወግድ። (4)ን በ4፣ ያካፈልነውን በ7 እናባዛ።

```
28y + 88z = 3200
28y + 63z = 2450
      25z =  750
        z =   30
```

ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ ነው። 4y + 270 = 350 ስለሆነ y = 20 ነው። 20 እና 30ን ከመቶ ስንቀንስ x = 50 ይሆናል። ልጅዎ ያገኘችው ይህንኑ ነው።

ወደ እርስዎ ወረቀት ልመለስ። በእርስዎ መልስ (3)ን ስንሞላው 40 + 640 + 320 = 1000 መጣ፤ መሆን የነበረበት 900 ነው። ትርፉ ድፍን 100 ነው። እንዲህ ያለ ድፍን ትርፍ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ (1)ን በ2 ሲያባዙ ግራውን አባዝተው ቀኙን ረሱት። ማለትም 2x + 2y + 2z ብለው ከ200 ይልቅ 100ን እንዳለ ተዉት። ከ900 ላይ 200 መቀነስ ሲገባ 100 ተቀነሰና 8y + 18z = 800 ተጻፈ። ከዚህ ቢቀጥሉ z በትክክል 16፣ y 64፣ x 20 ይወጣል፤ በራሴ ወረቀት ሞክሬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዎ አንድም እንከን የለበትም። የሚያሳዝነውም እሱ ነው፤ አንዲት 100 ተረስታ የቀረው ሁሉ በንጹሕ እጅ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ማመሳከሪያው ትክክል ነው ወይም አይደለም ከማለት አልፎ ስህተቱ ያለበትን መስመርም ይጠቁማል። የክብደቱና የፕሮቲኑ እኩልታዎች ልክ መጡ፤ የሳተው የአሰሩ ነው። እንግዲያውስ ወረቀቱን ሁሉ ደግሞ መሥራት አያስፈልግም፤ (3) የተነካበትን ቦታ ብቻ ቢያዩ ይበቃል።

ማመሳከሩ ግን መጀመሪያ በጻፏቸው ሦስት እኩልታዎች ላይ መሆን አለበት። በመሐል በወጡት ላይ ቢያመሳክሩ ራስዎን ያታልላሉ። የእርስዎን የተሳሳተ እኩልታ ለሁለት አካፍለን 4y + 9z = 400 እንበለውና መልስዎን እናስገባ፦ 256 + 144 = 400። ልክ ነው! ስህተቱ እኩልታው ውስጥ አስቀድሞ ስለገባ መልሱና እኩልታው አብረው ተሳስተው ይስማማሉ። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ በዚህ ተታልዬ አሥራ ሁለት ኩንታል ቀላቅያለሁ። የነቃሁት መጋዘን ውስጥ ፋጉሎው ከታሰበው ቀን ቀድሞ ሲያልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ከወረቀቱ አናት ላይ በሌላ ቀለም እጽፋለሁ፤ ሲያልቅም የማመሳክረው በእነሱ ነው።

ክብደቱና ፕሮቲኑ ልክ ሆነው መልሱ እንዴት እንደሚሳሳት ካሳሰበዎ፣ ምክንያቱ ሁለት እኩልታ ሦስት ያልታወቁ ነገሮችን አንድ ቦታ ላይ ማሰር ስለማይችል ነው። ከልጅዎ ቅልቅል ላይ 15 ኪሎ በቆሎና 7 ኪሎ ፋጉሎ ያንሱና 22 ኪሎ ፉርሽካ ይጨምሩ። በቆሎ 35፣ ፉርሽካ 42፣ ፋጉሎ 23 ይሆናል። ድምሩ መቶ ነው። ፕሮቲኑም 315 + 672 + 713 = 1700፣ ያው 17 ኪሎ ነው። የተለወጠው አሰሩ ብቻ ነው፤ 9.5 ኪሎ ገባ። ይህንኑ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ 20፣ 64 እና 16 ላይ ይደርሳሉ። የእርስዎ መልስ ነው! በሁለቱ መልሶች መካከልም ከእነሱ ወዲያም ድምሩንና ፕሮቲኑን የሚያሟሉ ቅልቅሎች የትየለሌ ናቸው። ከእነሱ መካከል አንዱን የሚመርጠው የአሰሩ እኩልታ ነው፤ እሱን ትቶ ማመሳከር ምርጫውን መተው ነው።

የማጠጋጋት ጉዳይም አለ። የእርስዎ ቁጥሮች ለሥራ የተመቹ ናቸው፤ ናሙና ሲያስመረምሩ ግን የፋጉሎው ፕሮቲን 31.4 ወይም 29.8 ሊመጣ ይችላል፤ መልሱም በድፍን ኪሎ አይወጣም። ወደ ቅርብ ኪሎ ካጠጋጉት ማመሳከሪያው ትንሽ ይስታል። ምን ያህል ቢስት ነው ይሁን የሚባለው? እያንዳንዱ ግብዓት ቢበዛ በግማሽ ኪሎ ስለሚዛባ የእኩልታውን ቁጥሮች ደምረው ለሁለት ያካፍሉ። ለአሰሩ 2 + 10 + 20 = 32 ነው፤ ግማሹ 16። ከ900 ላይ እስከ 16 ድረስ ቢስት በማጠጋጋት የመጣ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ 100 ግን በማጠጋጋት አይመካኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ማመሳከሪያው አይዝልዎትም። አሰሩን ከ9 ወደ 8 ኪሎ ላውርደው ብለው (3) ላይ 800 ቢጽፉና በትክክል ቢሠሩ በቆሎ 80፣ ፋጉሎ 44፣ ፉርሽካ ደግሞ −24 ኪሎ ይወጣል። ያመሳክሩት፦ 80 − 24 + 44 = 100። ፕሮቲኑ 720 − 384 + 1364 = 1700። አሰሩ 160 − 240 + 880 = 800። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ስሌቱ ላይ ስህተት የለም። ነገር ግን ከጆንያ ውስጥ ያልገባ 24 ኪሎ ፉርሽካ ማውጣት የሚችል ሰው የለም። የቀነስ ምልክት ሲወጣ መጀመሪያ ሥራዬን እጠራጠራለሁ። ሦስቱ እኩልታዎች ልክ ከመጡ ግን የጠየቅኩት ነገር በእነዚህ ሦስት ግብዓቶች እንደማይገኝ ተረዳሁ ማለት ነው። በእርስዎ ቁጥሮች፣ ፕሮቲኑ 17 ላይ ከጸና፣ ፉርሽካውን ጨርሰው ቢያስወጡት እንኳ አሰሩ ከ8.5 ኪሎ በታች አይወርድም፤ በቆሎውን ጨርሰው ቢተዉት ደግሞ ከ10.7 አይበልጥም።

አሰሩን ከ8.5 ኪሎ በታች ማውረድ ከፈለጉ አሰሩ ከኑግ የሚያንስ ፋጉሎ፣ ለምሳሌ የአኩሪ አተር፣ በኑጉ ቦታ መግባት አለበት። ያን ጊዜ የ31 እና የ20 ቦታ በአዲሱ ፋጉሎ ቁጥሮች ይተካል፤ (4)ም (5)ም ስለሚለወጡ የአሁኑን ወረቀት ሳያዩ ከ(1) ይጀምሩ።