ጥያቄና መልስ፦ የሽልማት ቪዲዮ ወይስ ሽያጭ? በነጻ ጌም ገቢ ማግኘትና የተጫዋች አመኔታ

ጥያቄ፦ የእንቆቅልሽ ጌም አለኝ፤ በቀን ወደ 2000 ሰው ይጫወተዋል። ተጫዋቹ በፈቃዱ ማስታወቂያ አይቶ ሽልማት በሚያገኝበት የሽልማት ቪዲዮ ልጀምር ወይስ የጌም ሳንቲም ልሽጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለቱን በወረቀት ላይ ያስሉ። የእርስዎን ቁጥሮች ስለማላውቅ ለምሳሌ ያህል የራሴን ልውሰድ። ከ2000ው መካከል 800 ሰዎች በቀን ሦስት ሦስት ቪዲዮ ቢያዩ 2400 እይታ ይሆናል፤ በማስታወቂያ አካውንትዎ ላይ eCPM ተብሎ የሚታየው የሺህ እይታ ክፍያ 5 ዶላር ከሆነ የቀኑ ገቢ 12 ዶላር ነው። በሽያጭ በኩል ደግሞ ስድስት ሰዎች ብቻ የ2 ዶላር ጥቅል ቢገዙ ያው 12 ዶላር ይመጣል፤ የመተግበሪያ መደብሩ ለአነስተኛ ሠሪዎች በተመደበው ተመን 15 በመቶ ሲቆርጥ 10.20 ዶላር ይቀርዎታል።

ልብ ሊሉት የሚገባው ድምሩን ሳይሆን ገንዘቡ ከማን እንደመጣ ነው፤ አንዱን ያመጡት 800 ሰዎች፣ ሌላውን ያመጡት ስድስት ናቸው። ብዙው ተጫዋች መቼም ቢሆን አይከፍልም፤ እሱን በቪዲዮ፣ ጥቂቱን ደግሞ በሽያጭ ማስተናገድ ይቻላል። እኔ ብሆን በቪዲዮ እጀምር ነበር፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ የትኛው ደረጃ ላይ እርዳታ እንደሚፈልግ ያሳየኛል፣ ምን እንደምሸጥም የማውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ eCPM እንደ ተጫዋቹ አገር በእጅጉ የሚለያይና አዲሱ የፈረንጆች ዓመት ሲገባ ጎላ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ የአንድ ወር ገቢ አይተው የዓመት ዕቅድ አያውጡ።

ቪዲዮውን የሚያስጀምረውን ቁልፍ ተጫዋቹ ከተሸነፈ በኋላ ያስቀምጡት፤ የሚያገኘውም ሳይጫነው በፊት በግልጽ ይጻፍ። ሰው ቪዲዮ እንዲያይ ብለው ደረጃውን ማክበድ ግን አመኔታ የሚጠፋበት የመጀመሪያው ቦታ ነው። ይህን ስህተት መሥራትዎን የሚያውቁት ቪዲዮውን ያዩትን በመቁጠር ሳይሆን እምቢ ያሉትን በመከታተል ነው፤ እምቢ ብለው ያንን ደረጃ የሚያልፉት ጥቂቶች ብቻ ከሆኑና የቀሩት በማግስቱ ካልተመለሱ፣ ምርጫ ያሉት ነገር በእውነት ምርጫ አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በእኔ ልምድ ቪዲዮ ሽያጭን ይገድላል። ሳንቲም በነጻ እየተገኘ ማን ይገዛል? አጥፍቼው ሽያጬ ጨምሯል።

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ሽያጩን የሚገድለው ግን ቪዲዮው ራሱ ሳይሆን የሽልማቱ መጠን ነው። ለምሳሌ 1000 ሳንቲም በ2 ዶላር እየሸጡ አንድ ቪዲዮ 200 ሳንቲም ቢሰጥ፣ ያውም ያለ ገደብ፣ ተጫዋቹ አምስት ቪዲዮ አይቶ ጥቅሉን ያገኛል። ከላይ ባለው ተመን አንድ እይታ የሚያስገባልዎ የዶላር ግማሽ ሳንቲም ነውና፣ ከሽያጩ 1.70 ዶላር ሊያስገኝልዎ የሚችለውን ጥቅል በሁለት ተኩል የዶላር ሳንቲም ለቀቁት ማለት ነው። ሽልማቱን 20 የጌም ሳንቲም፣ ገደቡን ደግሞ በቀን አምስት ቪዲዮ ቢያደርጉት ያው ጥቅል አሥር ቀን ይፈጃል፤ የሚቸኩል ይገዛል፣ የማይቸኩል ያያል። ከዚህም የተሻለው ቪዲዮው ጭራሽ የማይሸጥ ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ተጨማሪ ሙከራ፣ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

የለመዱትን ሽልማት በአንድ ሌሊት ከ200 ወደ 20 ማውረድ ግን ከኪሳቸው እንደመውሰድ ይቆጠራል። ለነባሮቹ የቀድሞውን እንዳለ ትቶ አዲሱን ለአዲስ ገቢዎች ብቻ ማዋል ይሻላል። ስለ ሽያጩ መጨመር ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቪዲዮውን ካጠፉ ስንት ሳምንት ሆነ? የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ ሲያድግ የተመላሹ ተጫዋች ቁጥር ከወረደ፣ የነገውን ዛሬ እየበሉ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ «ማስታወቂያ አስወግድ» የሚል ግዢ አለኝ። አንዱ ገዝቶ «የሽልማት ቪዲዮው አሁንም አለ» በማለት አንድ ኮከብ ሰጠኝ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ከጻፉት ቃል አንጻር እሱ ነው። እርስዎ ሳይጠየቅ የሚመጣውን ማስታወቂያ አስበው ጻፉት፣ እሱ ግን ሁሉንም ብሎ አነበበው። ወይ ጽሑፉን «በግድ የሚመጡ ማስታወቂያዎችን አስወግድ፤ በፈቃድ የሚታዩት ይቀራሉ» ብለው ያስተካክሉ፣ ወይም ለገዢው ሽልማቱን ያለ ቪዲዮ፣ በዚያው የቀን ገደብ ይስጡት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሳይረሳ፣ እንዲህ ያለው ቋሚ ግዢ ስልክ ሲቀየር መመለስ አለበት፤ አፕልም የመመለሻ መንገድ እንዲኖር ያስገድዳል። በጎግል ፕሌይ ደግሞ ግዢውን ፕሮግራምዎ በሦስት ቀን ውስጥ መቀበሉን ካላረጋገጠ ገንዘቡ በራሱ ለገዢው ይመለሳል። «ሽያጬ ለምን ይሰረዛል?» የሚሉ ብዙዎች ችግራቸው ይኸው ነው።

ሌላ አባል፦ በሁለተኛው ሐሳብ አልስማማም። የገዙት እኮ ደጋግመው የሚጫወቱት ናቸው፤ ብዙ ቪዲዮ የሚያዩትም እነሱው ናቸው። የአንድ ጊዜ 3 ዶላር ተቀብሎ ያንን ሁሉ እይታ መተው ለእኔ ኪሳራ ነው።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። የሚወስነው ሰውየው በምን ያህል ጊዜ ጌሙን እንደሚተው ነው፤ ዓመት ሙሉ የሚጫወት ከሆነ የእርስዎ ስሌት ያሸንፋል። የሁለታችንን የሚዳኝ ቁጥር በየጌሙ ይለያያል።

ጥያቄ፦ «ቪዲዮውን ጨርሼ አየሁ፣ ሽልማቱ አልመጣም» የሚል ቅሬታ በየቀኑ ይደርሰኛል። እኔ ስሞክረው ይሠራል።

መልስ፦ እኔም አንድ ጊዜ ለሳምንታት ደርሶብኝ ነበር፤ ጥፋቱም የራሴ ነበር። ሽልማቱን ማስታወቂያው ሲዘጋ ለፕሮግራሙ በሚመጣው ጥሪ ላይ አስሬው ነበር። ተጫዋቹ ቪዲዮውን ጨርሶ ማስታወቂያውን ሲነካ ወደ መደብሩ ይሄዳል፤ ማኅደረ ትውስታው አነስተኛ የሆነ ስልክ በዚህ መሃል ጌሙን ይዘጋዋል፣ የመዘጊያው ጥሪም ሳይመጣ ይቀራል። የእኔ ስልክ ብዙ ማኅደረ ትውስታ ስለነበረው ስሞክረው አንድም ቀን አልታየኝም። የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት የሆነውን አድሞብን በኮትሊን ቋንቋ ለሚጠቀም ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው፦

```
rewardedAd?.show(this) { reward ->
    saveCoinsNow(reward.amount)
}
```

`saveCoinsNow` የእርስዎ ተግባር ነው፤ ሳንቲሙን በስክሪን ከማሳየቱ በፊት ስልኩ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ሲሞክሩም የሙከራ ማስታወቂያ ይጠቀሙ፤ የራስን እውነተኛ ማስታወቂያ መንካት አካውንት ሊያዘጋ ይችላል። አንድ ተጨማሪ ነገር፣ አስቀድሞ የወረደ ቪዲዮ በአድሞብ ከአንድ ሰዓት በኋላ አያገለግልም። ስለዚህ ዝግጁ ቪዲዮ ከሌለ ቁልፉን ይደብቁት፤ ተጭኖ ምንም ያላገኘ ተጫዋች እንደተታለለ ይሰማዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ የልጆች ጌም ነው። ያው ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ለሕፃናት በተሠራ ጌም ጎግል ፕሌይ የሚፈቅደው ለቤተሰብ ፕሮግራሙ ብቁ መሆናቸውን ያረጋገጡ የማስታወቂያ መሣሪያዎችን ብቻ ነው፤ በልጁ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ማስታወቂያም አይፈቀድም። ስለዚህ ከላይ ለምሳሌ የወሰድኩትን eCPM አይጠብቁ። የግዢ ቁልፍንም ልጅ ሳያስብ በሚነካበት ቦታ አያስቀምጡ። በ2022 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የጌም ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ 245 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾች ተመላሽ እንዲከፍል ያደረገው፣ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ግራ በሚያጋባ የቁልፍ አቀማመጥ ሰዎች ያላሰቡትን ግዢ ፈጽመዋል የሚል ስለነበር ነው። ከግዢው በፊት ወላጅ የሚመልሰው ጥያቄ ያስገቡ፤ ሽያጩ ይቀንሳል፣ የሚቀረው ግን ወላጁ ያወቀው ነው።